አንድ ልደት፣ ስድስት ቀን

«ለመርቆሬዎስ አጥቢያ ነው የወለድኳት፤ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል። መንግሥት በተለወጠ በመንፈቁ፣ በኅዳር።»

አንዲት እናት የልጇን ልደት ስትጠየቅ የምትመልሰው እንዲህ ነው እንበል። ልጅቱም እናቲቱም ለማሳያ ያህል ያሰብኳቸው ናቸው። ከእነሱ ጋር የማነሣቸው ስህተቶች ግን በየቀበሌው፣ በየትርጉም ቤቱና በየኤምባሲው ደጃፍ ሰው የሚያጉላሉ ናቸው። እናቲቱ አንድም ቁጥር አልጠራችም፤ ቢሆንም ንግግሯ ምንም አልጎደለውም። መንግሥት የተለወጠው ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። መንፈቁ የሚያርፈው 1984 ላይ ነው። በኅዳር የሚውለው የመርቆሬዎስ ዓመታዊ በዓል 25 ነው። ስለዚህ ልጅቱ የተወለደችው ኅዳር 25 ቀን 1984 ዓ.ም. ሐሙስ ነው።

ልጅቱ አድጋ ወረቀት ማሟላት ስትጀምር ይህ አንድ ቀን መሰንጠቅ ይጀምራል። አንዱ ጸሐፊ በዓመቱ ላይ ሰባት ጨምሮ፣ ወሩንና ቀኑን በሠንጠረዥ አይቶ ዲሴምበር 4 ቀን 1991 ብሎ ይጽፍላታል። ሌላው «ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው» ብሎ ዲሴምበር 5 ቀን 1992 ያደርገዋል። ሦስተኛው ኅዳርን በኖቬምበር ብቻ ተክቶ ኖቬምበር 25 ቀን 1991 ይላል። አራተኛው ምንም ሳይቀይር 25/03/1984 ብሎ ይገለብጠዋል። ውጭ አገር ያለው ሠራተኛም ያንን ማርች 25 ቀን 1984 ብሎ ያነበዋል፤ ልጅቱም በአንድ ጀምበር ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ታረጃለች። አምስተኛው በትክክል ለውጦ 05/12/1991 ቢጽፍም፣ ወረቀቱ አሜሪካ ሲደርስ ሜይ 12 ቀን 1991 ተብሎ ይነበባል። ትክክለኛው ቀን ዲሴምበር 5 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ነው። በጠቅላላው ስድስት ቀን ሆነ። ከስድስቱ አንዱ ብቻ የእሷ ነው።

እያንዳንዱ ስህተት የየራሱ ምክንያት ስላለው አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ ብዙ ሰው የማያውቀውን እንውሰድ፤ ዲሴምበር 4 እና ዲሴምበር 5ን የሚለያየውን አንድ ቀን።

በእኛ አቆጣጠር ዐሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን አላቸው። ጳጉሜን አምስት ቀን ነች፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን ስድስት ትሆናለች። ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ፈረንጆቹም በአራት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ የእነሱ ግን የሚገባው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። እኛ ጳጉሜን 6ን ጨምረን ወደ ዘመነ ዮሐንስ ስንሻገር እነሱ ገና የራሳቸውን አልጨመሩም። እስኪጨምሩ ድረስ አምስት ወር ከግማሽ ያህል ይቀራል። በዚህ መካከል ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተለመደው በአንድ ቀን ይራራቃሉ። በሌሎቹ ዓመታት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ይህ የአንድ ቀን መገፋት የካቲት 21 ድረስ ይዘልቃል። ያ ዕለት ፌብሩዋሪ 29 ነው። በማግስቱ የካቲት 22 ማርች 1 ይሆንና ሁሉም ወደ ተለመደው ይመለሳል።

ዘመነ ዮሐንስን ለመለየት ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም። የኢትዮጵያውን ዓመት ለአራት አካፍሉ። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ። 1984 ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1980፣ 1988፣ 1992፣ 1996 እና 2000ም እንደዚሁ። የልጅቱ ኅዳር 25 በዚያ የመገፋት ወቅት ውስጥ ስለወደቀ ዲሴምበር 4 መሆኑ ቀርቶ ዲሴምበር 5 ሆነ። ይህ ጥቂት ሰው ብቻ የሚነካ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአራት ዓመት ውስጥ 171 ቀን በዚህ ወቅት ስለሚወድቅ፣ ልደቶች በዓመቱ ውስጥ እኩል ቢከፋፈሉ ከስምንት ከዘጠኝ ሰው አንዱ እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው።

አሁን አቆጣጠሩን ራሱን እንሥራው። በተለመደው ዓመት የወሮቻችን መባቻዎች የሚውሉበት ይህ ነው፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ስድስት መባቻዎች ላይ አንድ ቀን ጨምሩ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያሉትን አትንኩ። ይህ ስሌት ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ሁሉ ልደት ይሠራል።

ለልጅቱ እንዲህ ይሆናል። ዓመቱ 1984 ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ኅዳር 1 የሚውለው ኖቬምበር 10 መሆኑ ይቀርና ኖቬምበር 11 ላይ ነው። ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 25 ድረስ 24 ቀን አለ። ከኖቬምበር 11 ተነሥተን 24 ቀን ስንጓዝ፣ ኖቬምበር 30 ቀን ስለሆነች ለመጨረስ 19 ቀን ይወስድብናል፤ የቀረው አምስት ቀን ዲሴምበር 5 ላይ ያደርሰናል። ዓመቱ ይቀራል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የሚጨመረው ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ግን ስምንት። ልደቷ ዲሴምበር ላይ ስለዋለ 1984 ሲደመር ሰባት 1991 ይሆናል። ሁለተኛው ጸሐፊ የሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሰባት ወይስ ስምንት?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ወሩና ቀኑ ከተለወጡ በኋላ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዓመቱን ለውጦ ወደ ወሩ የሚሄድ ሰው መሳቱ አይቀርም።

የዓመቱ መሻገሪያ ላይ የተወለዱ ሰዎች የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። በተለመደው ዓመት ዲሴምበር 31 ታኅሣሥ 22 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 21። ስለዚህ ታኅሣሥ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ነው። ጸሐፊው ዮሐንስን ከዘነጋ ዲሴምበር 31 ቀን 1995 ብሎ ይጽፍለታል። ስህተቱ የአንድ ቀን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዓመት ተለውጧል። ዕድሜ በፈረንጁ ዓመት ብቻ የሚሰላበት ቦታ ላይ ይህ አንድ ዓመት ሙሉ ያስቆጥራል።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይኸኛው ጠንቃቃ ሰዎችንም ይጥላል። ልጅቱ ዛሬ ኅዳር 25ን ልደቴ ብላ ታከብራለች። በዚያ ዕለት ስልኳን ብታይ ብዙውን ጊዜ የምታነበው ዲሴምበር 4 ነው፤ ከአራት ዓመት ሦስቱ እንዲህ ነውና። «የእኔ ኅዳር 25 እንግዲህ ዲሴምበር 4 ነው» ብላ ቅጽ ትሞላለች። ስህተት ነው። የሚለወጠው የተወለደችበት ዓመት ኅዳር 25 ነው፤ የዘንድሮው አይደለም። በስልክ መለወጫ የምትጠቀሙ ከሆነም ሙሉውን ቀን ከነተወለዳችሁበት ዓመት አስገቡ። መለወጫው ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ ይጠይቅ እንደሆነም ልብ በሉ፤ ኅዳር 3 እና መጋቢት... ማለትም ሦስተኛውና ሰባተኛው ወር በቁጥር ሲጻፉ ከቀን ጋር በቀላሉ ይለዋወጣሉ።

ስለ ሌሊት ልደትም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ልማድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያለ ሰው «ዛሬ» ሲል ብዙ ጊዜ ያለፈውን ቀን ማለቱ ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ቀኑ የተለወጠው ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት የተወለደ ልጅ በቤተሰቡ አፍ ረቡዕ፣ በሆስፒታሉ ወረቀት ሐሙስ ሊሆን ይችላል። እናቲቱ «ለመርቆሬዎስ አጥቢያ» ማለቷ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። አጥቢያ ሲባል የሚነጋው ቀን ነው፤ ስለዚህ ልደቱ 25 ነው፣ 24 አይደለም። ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ «ሌሊት ከሆነ ለማን አጥቢያ?» በሏቸው።

የለወጣችሁት ቀን ትክክል መሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ዕለቱ፣ ማለትም ሰኞ ማክሰኞው፣ በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው። ዓመቱ ይለያያል፣ ወሩ ይለያያል፣ ሐሙስ ግን እዚህም እዚያም ሐሙስ ነው። የስልካችሁን ካሌንደር ወደ ኋላ እስከ ዲሴምበር 1991 ብትመልሱት ዲሴምበር 5 ሐሙስ መሆኑን ታያላችሁ። ዲሴምበር 4 ረቡዕ ነው፤ ዲሴምበር 5 ቀን 1992 ቅዳሜ ነው፤ ኖቬምበር 25 ቀን 1991 ሰኞ ነው። የእናትየው ሐሙስ ሦስቱንም የተሳሳቱ ቀኖች በአንድ ጊዜ ይጥላቸዋል። የቤተ ክርስቲያን በዓል የወሩን ቀን ያጸናል፤ ዕለቱ ደግሞ ልወጣውን ያጸናል። ሁለቱ ተጋጥመው ከተገኙ ማንም ባለሥልጣን ፊት የሚያኮራ ማስረጃ ባይሆንም፣ እናንተ ራሳችሁ በእርግጠኝነት መቆም ትችላላችሁ።

ልወጣውን ማወቅ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። በሰነዶች መካከል ልዩነት የሚፈጠረው በአብዛኛው ሰው ማስላት ስላቃተው ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ስላሰላ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ይለውጣል። ለፓስፖርት ቅጽ የሚሞላላችሁ ሰው ከቀበሌ መታወቂያው ተነሥቶ እንደገና ይለውጣል። የትርጉም ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀታችሁን ወይም የክርስትና ካርዳችሁን ሲተረጉም በራሱ ይለውጣል። ውጭ ያለው ዘመዳችሁ የዲቪ ፎርም ሲሞላ በስልክ ጠይቋችሁ በራሱ ይለውጣል። አራት ሰው አራት ጊዜ ካሰላ አራቱም አንድ ዓይነት መልስ ላይ መድረሳቸው አጋጣሚ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ቀኑ አንድ ጊዜ ይለወጥ፣ ከዚያ በኋላ ይገልበጥ እንጂ ዳግመኛ አይሰላ። መነሻው ልደቱን በመጀመሪያ የመዘገበው ሰነድ ነው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ለተወለዱት ይህ ብዙ ጊዜ የወሳኝ ኩነት ምዝገባው ነው። ከዚያ በፊት ለነበርነው የሆስፒታል ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ ወይም የቤተሰብ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ተነሥታችሁ ቀኑን ለውጡ፤ በዕለቱ አረጋግጡት፤ ከዚያ ሁለቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ «ኅዳር 25 ቀን 1984 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.» ብላችሁ። ማንም ቅጽ ሲሞላላችሁ የምትሰጡት ይህንን ነው። ለቀበሌም፣ ለፋይዳም፣ ለፓስፖርትም፣ ለትርጉም ቤትም ይኸው ወረቀት ይሂድ።

ይህ ምክር የሚሠራው ግን ገና ፓስፖርት ላላወጣ ሰው ነው። ፓስፖርት ካላችሁና በላዩ ላይ ያለው ቀን ትክክል ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ለሚወጣ ማንኛውም የፈረንጅ ቀን መገልበጫው ፓስፖርቱ ነው። ለትርጉም ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ስትሰጡ የፓስፖርቱን ኮፒ አብራችሁ ስጡ። ተርጓሚውን ሁለት ነገር ለምኑት። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ በእኛ ወር ስም ይጻፈውና የተለወጠውን በቅንፍ ያስከትል፤ የእኛን ቀን ሰርዞ የፈረንጁን ብቻ የሚያስቀምጥ ትርጉም ዋናውን ወረቀት ለሚያመሳክር ሰው ጥርጣሬ ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ ወሩን በፊደል ይጻፈው። በቁጥር ብቻ የተጻፈ 05/12/1991 በአውሮፓ ዲሴምበር 5፣ በአሜሪካ ሜይ 12 ነው። ዲሴምበር ተብሎ በፊደል ከተጻፈ ግን የትም ቢሄድ አንድ ነው።

ፓስፖርት ላይ ያለው ቀን በእርግጥ የቱ እንደሆነ የምታነቡበት ቦታም አለ። ፎቶው ባለበት ገጽ ግርጌ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ፤ ፊደል፣ ቁጥርና ወደ ግራ የሚያመለክቱ ቀስት መሰል ምልክቶች የተደረደሩባቸው። ማሽን የሚያነባቸው እነዚህን ነው። በሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከሦስት ፊደላቱ የዜግነት ምልክት ቀጥለው የሚመጡት ስድስት ቁጥሮች የልደት ቀን ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው። የልጅቱ ፓስፖርት ትክክል ከሆነ እዚያ ላይ 911205 ይነበባል። 840325 ተብሎ ከተነበበ ቀኑ ሳይለወጥ ተገልብጧል ማለት ነው። በየአየር ማረፊያው ማሽን የሚያነበው ይህንን መስመር ስለሆነ፣ ፓስፖርት በእጃችሁ በገባ ዕለት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሳትወጡ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ተመልከቱ።

የፋይዳ መታወቂያ የልደት ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚያሳይ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመሳከሪያ ነው። ይሁንና ሁለቱ ቀኖች እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ብቻ አያጽናናችሁ። የኢትዮጵያው ቀን ሲመዘገብ በስህተት ኅዳር 24 ተብሎ ከገባ፣ የፈረንጁ ዲሴምበር 4 ይሆናል፤ ሁለቱም ይስማማሉ፣ ሁለቱም ስህተት ናቸው። እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ ኋላ ሲለወጥ ነው። ሰውየው በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ይዞ ይመጣና ወደ ኢትዮጵያ ይመለስለታል፤ ለዋጩ ዮሐንስን ካልቆጠረ በአንድ ቀን ይስታል። ሂሳቡን ለመፈተን ወደ ኋላም ሥሩት፤ ከዲሴምበር 5 ላይ እስከ ኖቬምበር 11 ድረስ 24 ቀን ብትቀንሱ ኅዳር 1 ትደርሳላችሁ፣ ስለዚህ ዕለቱ ኅዳር 25 ነው። ሄዶ የመጣው ቀን ተነሥቶ በሄደበት ካልተመለሰ ልወጣው ትክክል አይደለም።

ቀንና ወር የሌለው፣ ዓመት ብቻ ያለው ሰነድስ? በቀድሞ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ይህ የተለመደ ነበር። «1984» ብቻ ከተጻፈ፣ ይህ ዓመት በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1992 ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ትክክለኛ የፈረንጅ ዓመት የለውም ማለት ነው። አንዱ 1991 ቢል፣ ሌላው 1992 ቢል ሁለቱም አልዋሹም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክፍተት በጃንዋሪ 1 ይሞሉታል፤ በስደተኛነት አሜሪካ ከገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎቹ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ቀን ያላችሁ ሰዎች፣ ወላጆቻችሁ በኋላ ላይ ትክክለኛውን ቀን ቢያስታውሱ እንኳ፣ በአዲስ ቅጽ ላይ በድንገት አትጻፉት። ያለው ቀን የውሸት አይደለም፤ የተሰጣችሁ የመዝገብ ቀን ነው። ለመለወጥ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በመዝገቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው በቅጾች ላይ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ልዩነቱ ከተፈጠረ በኋላ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ መደረግ የሌለበትን ልናገር። ልዩነቱን ለማስታረቅ ተብሎ ሦስተኛ ቀን አይፈጠርም። ትርጉም ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቀን ከፓስፖርቱ ጋር «እንዲያስማማ» አይለመንም። በአማርኛው ላይ ኅዳር 25 የሚል ወረቀት በትርጉሙ ላይ ዲሴምበር 4 ከሆነ፣ ያንን ያየ ጠንቃቃ ሠራተኛ ስህተቱን ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠረው ቀኑን ብቻ አይደለም፣ ሰነዱን በሙሉ ነው።

ከዚያ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለዩ። የአንድ ቀን ልዩነት ከሆነና ዓመቱ ለአራት የሚካፈል ከሆነ፣ ምክንያቱ የዮሐንስ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ቀኑ ተመሳሳይ ሆኖ ዓመቱ በአንድ ቢለያይ፣ ሰባትና ስምንት ተምታተዋል። የእኛ የወር ቁጥር እንዳለ ተቀምጦ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ቢያንስ፣ ቀኑ ሳይለወጥ ተገልብጧል። ቀንና ወር ቦታ ከተለዋወጡ የአጻጻፍ ቅደም ተከተል ነው። የስህተቱን ዓይነት ማወቅ የሚጠቅመው ለማስረዳት ነው። «ይህ የእኔ ስህተት ሳይሆን የአቆጣጠር ልወጣ ነው» ብሎ በቃል መናገር አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ የኢትዮጵያውን ቀን፣ የተሳሳተውን ልወጣና ትክክለኛውን ከነስሌቱ አስቀምጦ ዋናውን ሰነድ ማያያዝ ሌላ ነገር ነው።

እርምቱ ከሥሩ ይጀምር። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስህተት ካልታረመ ፓስፖርቱን ማረም ከንቱ ነው፤ በሚቀጥለው እድሳት ያው ስህተት ይመለሳል። ግልጽ የጽሕፈት ወይም የልወጣ ስህተት ሲሆን መጀመሪያ የሚኬደው ወረቀቱን ወደ ሰጠው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ነው። የልደት ቀኑን በራሱ ለመለወጥ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠየቅ ይችላል። ሥሩ ከታረመ በኋላ ፋይዳ፣ ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ሌላው ይከተል።

ውጭ ያላችሁ ጊዜው ላይ ልብ በሉ። በአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ሰው የጻፈውንና በመሐላ ያጸናውን የልደት ቀን፣ ዜግነት ከተሰጠው በኋላ በምስክር ወረቀቱ ላይ ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤን-565 ቅጽ የሚያርመው በዋናነት ራሱ በጽሕፈት የሳተውን ነው። ስለዚህ በግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለው ቀን ከልወጣ ስህተት የመጣ ከሆነ፣ ጉዳዩን የምታነሡት ከመሐላው በፊት ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ሆኖ ሁሉም የውጭ ሰነዶቻችሁ በዚያው ቀን የሚስማሙ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ቸኩሎ መነካካትን አልመክርም፤ በመጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ልዩነቱ በሁለት የውጭ ሰነዶች መካከል ከሆነ ግን አታሳድሩት፤ በየእድሳቱ ይከተላችኋል።

አንድ ነገር ለይቼ ልናገር እወዳለሁ። ዕድሜ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው ሰነዶች አሉ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ ደላላ ዕድሜያቸውን ከፍ አድርጎ ፓስፖርት ያወጣላቸው እህቶች ብዙ ናቸው። ያ የልወጣ ስህተት አይደለም፤ የልወጣ ስህተት ነው ብሎ ለማስረዳት መሞከርም አያዋጣም። የልወጣ ስህተት ሁልጊዜ አሻራ አለው። ስሌቱ ሲሠራ የቀናት ወይም የወራት፣ የአንድ ዓመት፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሆኖ ይወጣል። ከእነዚህ ውጭ የሆነ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልዩነት በአቆጣጠር ሊገለጽ አይችልም፤ ማንም የሚያውቅ ሰው ያየዋል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ እህቶች እውነቱን ይዛችሁ ወደ ሕግ ባለሙያ ሂዱ።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ደውሉላቸው። ዓመቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ወረቀት ላይ አለ። ዕለቱን ጠይቁ፤ ሰኞ ነበር ወይስ ሐሙስ፣ የየትኛው በዓል፣ የማን አጥቢያ። የነገሯችሁን ከነቃሉ ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት።